የኤሌክትሪክ፣ የጋዝና የከሰል ምድጃ ንጽጽር በቆቦ የቤተሰብ ማዕድ ቤት

የኤሌክትሪክ፣ የጋዝና የከሰል ምድጃ በኢትዮጵያ ከተሞች ወጥ ለመሥራት፣ ሻይና ቡና ለማፍላት ከሚያገለግሉት የማብሰያ ዓይነቶች መካከል ናቸው። ይህ መጣጥፍ ሦስቱን በወርኃዊ ወጪ፣ በደኅንነትና በአመቺነት ያነጻጽራል። ለማነጻጸሪያ የተወሰደችው ቆቦ ናት። ቆቦ በሰሜን ወሎ ዞን በራያ ቆቦ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ በወልድያና በአላማጣ መካከል ትገኛለች። ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የራያ ሜዳ ላይ ስላለች አየሯ ሞቃት ነው።

በአጭሩ፣ ከሦስቱ አንዱ ብቻውን ለሁሉም ሥራ አይበልጥም። መብራት ባለበት ሰዓት ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛ ወጪ ያለው ኤሌክትሪክ ነው። ጋዝ ፈጣንና ንጹሕ ሲሆን ዋጋውና አቅርቦቱ ይገድቡታል። ከሰል ለጀበና ቡናና መብራት ለጠፋበት ቀን ይመቻል፤ ሆኖም በዝግ ቤት ውስጥ ሲነድ ሰው ሊገድል የሚችል ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል።

## የምድጃዎቹ ዓይነትና ስያሜ

በዕለት ተዕለት ንግግር «ጋዝ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ነጭ ጋዝን ወይም ላምባን ያመለክታል። በዚህ መጣጥፍ ግን ጋዝ የተባለው በብረት ሲሊንደር ተሞልቶ የሚሸጠው፣ በግፊት ፈሳሽ የሆነው የማብሰያ ጋዝ ነው። ኢትዮጵያ ይህን ጋዝ ከውጭ ስለምታስገባ ዋጋው ከውጭ ምንዛሪና ከማጓጓዣ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል።

የከሰል ምድጃ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ከቆርቆሮ ወይም ከብረት ብቻ የሚሠራው የቆየው ምድጃ ነው። ሁለተኛው ላቀች የሚባለው ሲሆን፣ ውጩ ቆርቆሮ፣ ውስጡ የተተኮሰ ሸክላ ነው። ላቀች በኢትዮጵያ የተስፋፋው ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው፤ ሸክላው ሙቀቱን ወደ ጎን እንዳያመልጥ ስለሚይዝ ከብረቱ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። በራያ ቆላ ከሰል በብዛት ከግራር ይከሰላል። አንድ ኪሎ ከሰል በባህላዊው የአፈር ክምር ለማውጣት ከአምስት ኪሎ በላይ እንጨት ስለሚፈጅ፣ በምድጃው ላይ የሚቆጠበው እያንዳንዱ ኪሎ ከዛፉ ላይ ብዙ እጥፍ ሆኖ ይታያል።

የኤሌክትሪክ ምድጃ የሚባለው በአብዛኛው የሚግል ሽቦ በሸክላ ቦይ ውስጥ የተዘረጋበት ወይም ሽቦው በብረት ሳህን ሥር የተሸፈነበት ስቶቭ ነው። አንዱ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,000 ዋት ይስባል። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከዚህ የተለየ ዕቃ ሲሆን ብቻውን 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል።

## ወጪን የማነጻጸሪያ መንገድ

ከሰል በኪሎ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት፣ ጋዝ በሲሊንደር፣ ኤሌክትሪክ በኪሎ ዋት ሰዓት ስለሚሸጡ ዋጋቸውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አይቻልም። መወዳደር ያለበት ወደ ድስቱ የሚገባው ሙቀት ዋጋ ነው። አንድ ኪሎ ከሰል ብዙ ሙቀት ቢኖረውም በላቀች ላይ ከሩቡ ብዙም ያልበለጠው፣ በብረት ምድጃ ደግሞ ከአምስት አንድ እጅ ያህሉ ብቻ ድስቱ ውስጥ ይገባል። ቀሪው በጎንና በአየር ይባክናል። ከጋዝ ነበልባል ግማሽ ያህሉ ወይም ጥቂት የሚበልጠው፣ ከኤሌክትሪክ ስቶቭ ደግሞ 70 በመቶ ያህሉ ይገባል።

ይህ ሲሰላ ለማስታወስ ቀላል የሆነ ልክ ይገኛል። አንድ ኪሎ ጋዝ ለድስት የሚሰጠው ሙቀት ከ10 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ጋር ይቀራረባል። አንድ ኪሎ ከሰል በላቀች ሲነድ ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት ጋር፣ በብረት ምድጃ ሲነድ ደግሞ ከ2 ብዙም ከማይበልጥ ኪሎ ዋት ሰዓት ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ የአንድ ኪሎ ጋዝ ዋጋ ለ10፣ የአንድ ኪሎ ከሰል ዋጋ ለ3 ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ጋር በቀጥታ ይወዳደራል። የገበያው ዋጋ ቢለዋወጥም ስሌቱ አይለወጥም።

በኤሌክትሪክ በኩል የትኛው ዋጋ እንደሚወሰድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፈለው ይጨምራል። በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ በየዓመቱ ከፍ ሲል በቆየው ታሪፍ የመጨረሻ ዙር፣ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ዋጋው 27 ሳንቲም ገደማ ሲሆን ከ500 በላይ ለሚጠቀም 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ የሚጨምር አዲስ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ ከሰልን ትቶ ወደ ኤሌክትሪክ የሚዞር ቤተሰብ ማስላት ያለበት ቀድሞ ይከፍል በነበረው ዝቅተኛ ዋጋ ሳይሆን፣ ስቶቩ ሲጨመር በሚደርስበት እርከን ዋጋ ነው።

## የአንድ ቤተሰብ የወር ስሌት

ለምሳሌ አምስት ሰዎች ያሉበት አንድ የቆቦ ቤተሰብ ይወሰድ። በቀን ሁለት ጊዜ ወጥ ይሠራል፣ ጠዋት ሻይ ይፈላል፣ ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል። ይህን ሁሉ በላቀች የሚሠራ ከሆነና በቀን አንድ ኪሎ ከሰል የሚፈጅ ከሆነ፣ በወር 30 ኪሎ ይሆናል። በላይኛው ልክ ይኸው ሥራ 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ወይም 9 ኪሎ ጋዝ ይፈልጋል። ከሰሉ በብረት ምድጃ ቢነድ ግን 39 ኪሎ ያህል ይሆን ነበር።

የሚከተሉት ዋጋዎች ለስሌቱ ማሳያ የተወሰዱ ናቸው፦ ከሰል በኪሎ 40 ብር፣ ጋዝ በኪሎ 200 ብር፣ ኤሌክትሪክ በኪሎ ዋት ሰዓት 3 ብር።

| አማራጭ | የወር ፍጆታ | የወር ወጪ |
|---|---|---|
| ሁሉም በላቀች ከሰል | 30 ኪሎ | 1,200 ብር |
| ሁሉም በብረት ምድጃ ከሰል | 39 ኪሎ | 1,560 ብር |
| ሁሉም በጋዝ | 9 ኪሎ | 1,800 ብር |
| ሁሉም በኤሌክትሪክ | 90 ኪሎ ዋት ሰዓት | 270 ብር |
| ወጥና ሻይ በኤሌክትሪክ፣ ቡና በከሰል | 66 ኪሎ ዋት ሰዓትና 8 ኪሎ | 518 ብር |

በዚህ ምሳሌ ከሰል ለ3 ሲካፈል 13 ብር ከ33 ሳንቲም፣ ጋዝ ለ10 ሲካፈል 20 ብር ይሆናል። ኤሌክትሪክ ከከሰል ጋር እኩል የሚሆነው አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከ13 ብር ሲያልፍ ነው። ጋዝ ከከሰል እንዲረክስ ደግሞ ኪሎው ከ133 ብር በታች መውረድ አለበት።

በሠንጠረዡ ያለው የከሰል ስሌት ፍሙ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ እንደዋለ ያስባል። በተግባር ግን ቡናው ተፈልቶ ሲያልቅ ፍሙ ገና ይነዳል። አንድ ጀበና ለማፍላት የተቀጣጠለው ከሰል ለሁለተኛ ሥራ ካልዋለ እውነተኛው ወጪ ከተሰላው ይበልጣል። ለዚህ ነው የተረፈው ፍም በአመድ ተዳፍኖ ወይም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ታፍኖ ለነገ የሚቀመጠው። ይህ ቆርቆሮ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ደጅ እንጂ ቤት ውስጥ አይቀመጥም።

ትክክለኛውን ፍጆታ ማወቅ የሚፈልግ ቤተሰብ በግምት መሥራት አያስፈልገውም። ኤሌክትሪኩ ከማብሰል በፊትና በኋላ ሌላው ዕቃ ጠፍቶ ቆጣሪው በማንበብ ይታወቃል። ከሰል በከረጢት ሲገዛ ክብደቱ ከከረጢት ከረጢት ስለሚለያይና ከሥሩ ድቃቂ ስለሚኖረው፣ በሚዛን መመዘኑ ይሻላል። የጋዝ ሲሊንደር ባዶ ክብደት በአካሉ ላይ ተቀርጾ ስለሚገኝ፣ ሲሊንደሩን መዝኖ ያንን መቀነስ የቀረውን ጋዝ በትክክል ያሳያል።

## እንጀራ የራሱ ስሌት አለው

እንጀራ ከሦስቱ ምድጃዎች ንጽጽር ውጭ የሚቆም ሥራ ነው። የተራ ጋዝ ምድጃ ነበልባል የሰፊውን ምጣድ መሐል ብቻ ስለሚያግል ጠርዙ ሳይበስል መሐሉ ያርራል። የከሰል ምድጃም ለምጣድ ስፋት አይበቃም። ስለዚህ ለቤተሰቡ የሚቀረው ምርጫ በእንጨትና በማሽላ አገዳ መጋገር፣ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። በእንጨት ለሚጋግር ቤት ምርጥ የሚባለው የተዘጋ የሲሚንቶ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶ በእጅጉ ይቀንሳል።

3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢበራ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ከሩብ ይወስዳል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በወር ዘጠኝ ጊዜ ቢጋገር 47 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ በላይኛው ዋጋ 141 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ በየጊዜው አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህሉ የመጀመሪያው እንጀራ ከመፍሰሱ በፊት ሸክላውን ለማጋል ብቻ ይውላል። ሊጡን አከማችቶ በአንድ ጊዜ መጋገር ይህን ይቆጥባል፤ ነገር ግን በቆቦ ሙቀት እንጀራ ቶሎ ስለሚሻግት ለሳምንት የሚበቃ መጋገር አይመችም። ሁለት ጎረቤቶች በአንድ የጋለ ምጣድ ተራ በተራ መጋገራቸው ግን ያለ ምንም ጉዳት ያንኑ ቁጠባ ያስገኛል።

## የመብራት ኃይል ማነስና መቋረጥ

የኤሌክትሪክ ምድጃ ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር በእኩል አይቀንስም፤ ከዚያ በላይ ይቀንሳል። በ220 ቮልት 1,000 ዋት የሚሰጥ ስቶቭ፣ መስመሩ ወደ 180 ቮልት ሲወርድ 670 ዋት ብቻ ይሰጣል። ማታ ሁሉም ቤት አምፖልና ስቶቭ ሲያበራ ውኃው ሳይፈላ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ቆጣሪውም አነስተኛ ስለሚቆጥር በቀጥታ ገንዘብ አይጠፋም፤ ነገር ግን ማብሰሉ ሲረዝም በድስቱ ጎን የሚባክነው ሙቀት ይጨምራል። በምጣድ ላይ ችግሩ የባሰ ነው። ሸክላው ወደ 200 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ምጣዱ ላይም ይጣበቃል። እንጀራው በጥሩ ሊጥ ጠዋት አምሮ ማታ ከተበላሸ ጥፋቱ የሊጡ ሳይሆን የመስመሩ እንደሆነ ያመለክታል። መፍትሔው ብዙ ሰው በማይጠቀምበት ሰዓት መጋገር ነው።

መብራት ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ደግሞ ስቶቩ ዋጋ የለውም። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት የሰሜን ወሎ ከተሞች ለወራት ያለ መብራት ቆይተዋል። መንገድ ሲዘጋ የጋዝ ሲሊንደርም አይደርስም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሠራው በአካባቢው የሚገኘው ከሰልና ማገዶ ብቻ ነው። ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚያበስል ቤት ላቀችና ጥቂት ደረቅ ከሰል ማስቀመጡ የኋላ ቀርነት ምልክት አይደለም።

## ደኅንነት

### ከሰል

ከሰል ሲቀጣጠል ያጨሳል፤ ፍም ሲሆን ጭሱ ይጠፋል። አደገኛው ጊዜ ግን ጭሱ ሲጠፋ የሚጀምር ይመስላቸዋል ብለው የሚጠብቁ ጥቂቶች ናቸው። ፍሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ውኃ አጠገቡ በማስቀመጥ፣ ዕጣን በማጨስ ወይም ፍሙን በአመድ በመሸፈን አይወገድም። የሚያስወግደው ንጹሕ አየር ብቻ ነው።

ቆቦ ሞቃት ስለሆነች ብዙ ጊዜ ከሰል የሚቀጣጠለው ግቢ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ ነው፤ ይህ ጥሩ ጥበቃ ነው። አደጋው የሚመጣው ዝናብ ሲጥል፣ ለሊቱ ሲቀዘቅዝ ወይም አራስ ሲኖር ምድጃው ወደ ቤት ገብቶ በርና መስኮት ሲዘጋ ነው። የመጀመሪያው ምልክት ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲሆን፣ ከዚያ እንቅልፍ የሚመስል ድካም ይከተላል። ከሌላ ሕመም የሚለይበት መንገድ አለ፦ በአንድ ክፍል ያሉ ከአንድ በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸውና ደጅ ሲወጡ ከተሻላቸው ምክንያቱ ፍሙ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ወዲያውኑ ሁሉም ሰው ይወጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ራሱን የሳተ ሰው ወደ ሕክምና ይወሰዳል። ፍም ያለበት ምድጃ ሰው በተኛበት ክፍል በፍጹም አያድርም።

### ጋዝ

የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለሉ ላይ ይንጣለላል፣ ጉድጓድና ጥግ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ከጣሪያ ሥር ያለ ትንሽ መስኮት ብቻውን አይበቃም፤ በወለሉ ደረጃ አየር የሚወጣበት ክፍት ያስፈልጋል። ጋዙ በራሱ ሽታ የሌለው ሆኖ ሳለ መፍሰሱ እንዲታወቅ መጥፎ ሽታ ይጨመርበታል። ሽታው ከተሰማ የሲሊንደሩ መዝጊያ ይዘጋል፣ በር ይከፈታል፤ አምፖል አይበራም፣ የበራም አይጠፋም፣ ምክንያቱም የማብሪያው ብልጭታ ብቻውን ሊያቀጣጥል ይችላል።

አዲስ ሲሊንደር በተገጠመ ቁጥር መጋጠሚያውና ጎማው በሳሙና አረፋ ይቀባል። አረፋው እየተነፋ ከወጣ ያፈስሳል ማለት ነው። በክብሪት መፈተሽ ክልክል ነው። ጎማው በፀሐይና በሙቀት ስለሚደርቅ፣ ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ ይቀየራል። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ፣ ጥላ ውስጥና ከእሳት ርቆ ይቀመጣል፤ በቆላ ቀትር ፀሐይ ላይ መተው በውስጡ ያለውን ግፊት ያሳድጋል። ሲቀጣጠል ክብሪቱ ይቀድማል፣ ጋዙ ከዚያ ይከፈታል።

### ኤሌክትሪክ

ሽቦው የሚታይበት ስቶቭ ወጥ ሲገነፍልበት ወይም ብረት ማንኪያ ሲነካው ሰው ሊይዝ ይችላል። የመሬት ሽቦ ያለው ሶኬትና ሽቦው የተሸፈነ ስቶቭ ይህን ይቀንሳሉ። ድስቱን ሲያነሱና ሲያማስሉ ስቶቩን ማጥፋት፣ በባዶ እግር እርጥብ ወለል ላይ አለመቆም ቀሪው ጥንቃቄ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ቃጠሎ ነው። 3,500 ዋት ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህ ለተራ ሶኬት የመጨረሻው ልክ ነው። ምጣድና ስቶቭ በአንድ ማከፋፈያ ላይ አብረው ሲሰኩ ሽቦው ይግላል። ሶኬቱ ሲነካ የሚያቃጥል፣ ዙሪያው የጠቆረ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ያለው ከሆነ ወዲያው ይነቀላል። ምጣድ ከቆጣሪው የራሱ ወፍራም ሽቦና ብሬከር ሊኖረው ይገባል። ብሬከር ደጋግሞ ሲወድቅ በትልቅ መተካት ስህተት ነው፤ ሽቦውን ከመቃጠል የሚጠብቀው እሱ ነውና።

## አመቺነት በየሥራው

ጋዝ እንደተለኮሰ ይሠራል፣ እሳቱም ወዲያው ይቀነሳል ይጨመራል። ኤሌክትሪክ ለመጋል ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፣ ከጠፋ በኋላም ሙቀቱ ስለሚቆይ ወጡ ከመብሰሉ ትንሽ ቀደም ብሎ ማጥፋት ይቻላል። ከሰል ፍም እስኪሆን ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ማራገብ ያስፈልገዋል፤ ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት ሻይ ለማፍላት ትልቁ ድክመቱ ይህ ነው።

ለቁሌት፣ ሽንኩርቱ ሳያርር ለረጅም ጊዜ እንዲማሰል ዝግ ያለና የማይለዋወጥ ሙቀት ስለሚያስፈልግ፣ መቀነሻ ያለው ስቶቭና ጋዝ ይመቻሉ። ገንፎ ሲገነፋ ግን ድስቱ በኃይል ስለሚማሰል ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ያለ ቀላል ምድጃ ሊገለበጥ ይችላል። መሬት ላይ የተቀመጠ ከባድ ላቀች በዚህ ይበልጣል፣ ሆኖም መሬት ላይ ያለ ምድጃ ለሚድኸና ለሚሮጥ ሕፃን ቅርብ ነው። ጀበና ታቹ ክብ ስለሆነ በስቶቭ ሳህን ላይ አይቀመጥም፤ ፍም ላይ ግን ተደላድሎ ይቀመጣል፣ ፍሙም ለዕጣኑ ያገለግላል። ቡና በከሰል የቀረው በልማድ ብቻ ሳይሆን በዕቃው ቅርጽም ጭምር ነው።

ከዚህ የተነሣ መብራት ላለው የቆቦ ቤተሰብ ዝቅተኛ ወጪና አነስተኛ አደጋ የሚያስገኘው አደረጃጀት ወጥና ሻይ በተሸፈነ የኤሌክትሪክ ስቶቭ፣ እንጀራ በራሱ መስመር ባለው ምጣድ፣ ቡና ደግሞ ግቢ ወይም በረንዳ ላይ በላቀች ነው። ጋዝ ኪሎው ለ10 ተካፍሎ ከኤሌክትሪኩ ዋጋ ጋር ሲቀራረብ፣ ወይም መብራት በየቀኑ በማብሰያ ሰዓት የሚጠፋ ከሆነ የስቶቩን ቦታ ሊወስድ ይችላል።